አንድ በጀት፣ ሁለት ፋይል



ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ል. ሰኔ 27 ቀን፣ ሐሙስ ማታ ነው። ከዒሻእ ሶላት ወጥቼ ስልኬን ስከፍት በጀመዓችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሁለት ፋይሎች ተለጥፈው አገኘሁ። አንዱ `Budget_Final.xlsx` ይላል፤ ሌላው `Budget_Final_OK.xlsx`። ከሥራቸው ጸሐፊያችን «በጀቱ ይኸው፣ ነገ ከጁሙዓ በኋላ እንወስናለን» ብላ ጽፋለች። ከዚያ ውጪ ምንም ማብራሪያ የለም። እሷ በዚያው ሌሊት ለዘመድ ሠርግ መንገድ ላይ ነበረች፤ ስልኳም አይሠራም።

በጀቱ የሰፈራችን መድረሳ የውዱእ ቦታና መጸዳጃ ቤት ግንባታ ነው። ወደ መቶ የሚጠጉ ልጆች የሚቀሩበት ቦታ ሆኖ ያለው አንድ የተሰነጠቀ ቧንቧ ብቻ ነበር። ገንዘቡ የተሰበሰበው በረመዷን ነው። ከነጋዴውም፣ ከጀበና ቡና ሻጯም፣ ከተማሪውም። ባንክ ውስጥ 1,003,000 ብር አለን። አርብ ከወሰንን ቅዳሜ ለግንበኛው ቅድመ ክፍያ ይሰጣል፤ ዕቃም መግዛት ይጀመራል።

የመጀመሪያውን ፋይል ከፈትኩ፤ ጠቅላላ ድምር 1,127,000 ብር። ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ 986,000 ብር። ልዩነታቸው 141,000 ብር ነው። በአንደኛው ከሄድን 124,000 ብር ይጎድለናል፤ በሁለተኛው ከሄድን ደግሞ በቅቶን 17,000 ብር ይተርፋል።

ግሩፑ ውስጥ አስተያየቱ ቶሎ ቶሎ ይመጣ ጀመር። «ማሻአላህ፣ ገንዘቡ በቅቶናል!» አለ አንዱ። «ኦኬ የሚለው ነው የመጨረሻው፣ ስሙ ራሱ ይናገራል» አለ ሌላው። ሦስተኛው ግን ሆዴን የረበሸኝን ነገር ጻፈ። «ታዲያ የ141 ሺህ ብሩ ልዩነት ለማን ነበር የታሰበው?»

ሁላችንም ማንን ማለቱ እንደሆነ ገብቶናል። የመጀመሪያውን በጀት ያዘጋጁት ገንዘብ ያዣችን ናቸው። በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ፣ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሰው። እሳቸው ደግሞ ማታ ማታ ቴሌግራም አይከፍቱም።

እኔ የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው። አልዋሻችሁም፤ የኔም ልብ መጀመሪያ ያዘነበለው ወደ ሁለተኛው ፋይል ነበር። ለምን እንደሆነ ቆይቶ ሳስበው ሦስት ምክንያት አገኘሁ። ቁጥሩ አነስተኛ ነው። የተሠራበት ቀን ቅርብ ነው። መልኩም ያምራል፤ ሰንጠረዡ በቀለም ተለይቷል፣ ራስጌው ላይ የመድረሳው ስም በትልቁ ተጽፏል፣ ቁጥሮቹ ሁሉ መሐል መሐል ላይ ተስተካክለው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ግን ዝርክርክ ያለ ነው፤ አንዱ ሳጥን ውስጥ «ደውዬ አረጋግጫለሁ» የሚል ማስታወሻ ሁሉ አለበት። ከሦስቱ ምክንያቶች አንዱም ግን ስለ ዋጋው እውነትነት የሚናገረው ነገር የለም። ዋናው ምክንያት ደግሞ ሌላ ነበር፤ ሁለተኛው ፋይል ልንሰማ የፈለግነውን ነገረን። ያለን ገንዘብ ይበቃል አለን።

ስለዚህ ማንንም ሳልጠይቅ በፊት ፋይሎቹን ራሳቸውን መጠየቅ ጀመርኩ። ላፕቶፔን ከፈትኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ቀናቸውን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፋይሉን ከቴሌግራም ስታወርዱ ስልካችሁ የሚያሳያችሁ ቀን ያወረዳችሁበትን ነው፤ ያ ምንም አይጠቅምም። ትክክለኛው ቀን ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው። በኮምፒዩተር ኤክሴልን ከፍታችሁ `File` ከዚያም `Info` ብትሉ መቼ እንደተፈጠረ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተቀመጠና በማን ስም እንደተቀመጠ ይነግራችኋል። የሚያሳየው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ወደ እኛ መመለስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ፋይል ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጠው ሰኔ 14 ነው፤ የጋሼ ስም አለበት። ሁለተኛው የተቀመጠው ሰኔ 22 ነው፤ ስሙ ግን `user` ብቻ ይላል። እንዲህ ዓይነት ስም የምታገኙት ብዙ ጊዜ ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ለምሳሌ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ኮምፒዩተር።

ስለዚህ ሁለተኛው በስምንት ቀን ይቀርባል። ብዙዎቻችን ነገሩን እዚህ ላይ እናቆማለን፤ የኋለኛው የፊተኛውን ይሽረዋል ብለን። ነገር ግን ያ ቀን የሚነግረን ፋይሉ መቼ እንደተቀመጠ እንጂ በውስጡ ያለው ዋጋ መቼ እንደተጠየቀ አይደለም። የአምና ዋጋ የያዘ ወረቀት ዛሬ በንጹሕ ቢገለበጥ ቀኑ የዛሬ ይሆናል፤ ዋጋው ግን የአምና ነው።

ቀጥዬ ድምሮቹን ትቼ መስመር በመስመር አነጻጸርኩ። ሁለቱም ፋይሎች 16 መስመር አላቸው፤ ከ5ኛው ተራ እስከ 20ኛው። ሁለቱን በአንድ ኤክሴል ውስጥ ጎን ለጎን አድርጌ አንዱን ከሌላው የሚቀንስ ቀመር ጻፍኩ።

```
=Sheet1!F5-Sheet2!F5
```

ቀመሩን እስከ ታች ሳወርደው 13ቱ መስመሮች ላይ ዜሮ መጣ። ይሄ ራሱ ትልቅ ዜና ነው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሠሯቸው ሁለት በጀቶች አይደሉም ማለት ነው፤ ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው። ጥያቄው «ማን እውነተኛ፣ ማን ሌባ» መሆኑ ቀርቶ «እነዚህ ሦስት መስመሮች ላይ ምን ተፈጠረ?» ወደሚል ጠበበ።

ሲሚንቶ ላይ የ20,000 ብር ልዩነት አለ። ሁለቱም 80 ኩንታል ይላሉ፤ የመጀመሪያው በ1,600 ብር ሒሳብ 128,000 ያደርገዋል፤ ሁለተኛው በ1,350 ብር ሒሳብ 108,000። የቧንቧ ዕቃ ላይ የ27,000 ብር ልዩነት አለ፤ የመጀመሪያው 207,000 ይላል፣ ሁለተኛው 180,000። ሁለቱ ተደምረው 47,000 ብር ናቸው። ከ141,000 ላይ 94,000 ገና አልተገኘም።

ሦስተኛው መስመር ሮቶና መቆሚያው ነው። እዚያ ላይ ቀመሬ ቁጥር አልሰጠኝም፤ `#VALUE!` አለኝ። ዓይኔ እንደሚያየው ሁለቱም ፋይሎች ለሮቶ 94,000 ብር ይዘዋል። ታዲያ ለምን መቀነስ አቃተው? ሁለተኛው ፋይል ላይ ሳጥኑን ነክቼ ሳየው የተጻፈው `94,000 ብር` ነው። «ብር» የሚለው ቃል እዚያው ቁጥሩ አጠገብ በእጅ ተተይቧል። ለኤክሴል እንዲህ ያለው ነገር ቁጥር አይደለም፣ ጽሑፍ ነው። የድምር ቀመር ደግሞ ጽሑፍ ሲያጋጥመው አይጮህም፣ ስህተት ነው አይልም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ለማረጋገጥ ባዶ ሳጥን ላይ ይህን ጻፍኩ።

```
=COUNT(F5:F20)
```

ይህ ቀመር ቁጥር የሆኑ ሳጥኖችን ብቻ ይቆጥራል። የመጀመሪያው ፋይል ላይ 16 አለኝ። ሁለተኛው ላይ 15።

በደህናው ጊዜ ይህን ስህተት በዓይን መያዝ ይቻል ነበር። ኤክሴል ማንም ካልነካካው ቁጥርን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ አስጠግቶ ነው የሚያስቀምጠው። ከቁጥሮች መሐል አንዱ ወደ ግራ ከሸሸ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ሁለተኛው ፋይል ግን እንዲያምር ተብሎ ሁሉም መሐል ላይ ተደርጓል። ያ ያደነቅነው ውበት ምልክቱን ሸፈነው።

እንግዲህ የሁለተኛው ፋይል 986,000 ሮቶውን ሳይጨምር የተደመረ ነው። ሮቶው ሲገባ 1,080,000 ይሆናል። «በቅቶናል» ያልነው ገንዘብ በራሱ በሁለተኛው ፋይል ሒሳብም አይበቃም ነበር። የውዱእ ቦታ ሠርተን፣ ቧንቧ ዘርግተን፣ ውኃ የሚጠራቀምበት ሮቶ መግዣ ስናጣ ነበር የሚገባን። እውነት ለመናገር ይህን ሳይ ላብ አሰመጠኝ።

እስከዚህ ድረስ ማንንም አላስቸገርኩም። የቀሩት የሲሚንቶውና የቧንቧ ዕቃው ልዩነቶች ግን በኤክሴል ውስጥ አይፈቱም። ለ1,350 እና ለ1,600 ኤክሴል አንድ ነው፤ ሁለቱንም በትክክል ያባዛል። የትኛው ዋጋ እውነት እንደሆነ የሚነግረኝ ከፋይሉ ውጪ ያለ ወረቀት ብቻ ነው። አርብ ጠዋት ከሥራ በፊት ጋሼ ቤት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የፕሮፎርማዎቹን ማኅደር ላየው ፈልጌ ነበር» አልኳቸው። ምን እንደተባለ አልነገርኳቸውም። ማኅደሩን አውጥተው ሰጡኝና «እይ ልጄ፣ ለዚህ አይደል የማስቀምጠው» አሉኝ።

ሁለት የሲሚንቶ ፕሮፎርማ አገኘሁ፤ ከአንድ መደብር፣ በተለያየ ቀን። አንዱ የመጋቢት 9 ነው፣ 1,350 ብር ይላል፤ ከሥር በትንሽ ጽሑፍ «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ15 ቀን ነው» የሚል አለበት። ሌላው የሰኔ 11 ነው፣ ከዒደል አድሓ በኋላ ጋሼ ራሳቸው ሄደው ያመጡት፣ 1,600 ብር ይላል። የሁለተኛው ፋይል ዋጋ ውሸት አልነበረም፤ ከሦስት ወር በፊት እውነት ነበር። ፕሮፎርማው ግን በመጋቢት ውስጥ ሞቷል።

የቧንቧ ዕቃው ፕሮፎርማ አንድ ነው። ከሥር ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ የዕቃው ድምር 180,000፣ ቫት 15 በመቶ 27,000፣ ጠቅላላ 207,000። ሁለተኛው ፋይል የወሰደው የላይኛውን ነው፤ የመጀመሪያው የታችኛውን። ከእጃችን የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ የታችኛው ነው። ፕሮፎርማ ስታዩ ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምር እንደሆነ ካላያችሁ በየመስመሩ 15 በመቶ ልትስቱ ትችላላችሁ።

በዚህ ሁሉ መሐል ሌላ ወረቀት አገኘሁ፤ የመጋቢት 15 ቃለ ጉባኤ ቅጂ። በረመዷን ከተራዊሕ በኋላ ተሰብስበን ያጸደቅነው። ያጸደቅነው በጀት ስንት ይላል? 1,080,000 ብር። ከሁለተኛው ፋይል ጋር፣ ሮቶው በትክክል ሲደመር፣ በብር ልክ ይገጥማል!

አሁን ታሪኩ ተሟላ። ሁለተኛው ፋይል በመጋቢት ያጸደቅነው አሮጌው በጀት ነው። ሰኔ 22 የተደረገው ማስዋብ ብቻ ነው። ጀለቢያዬን እንኳ ሳልቀይር ለግራፊክስ ሥራ ወደሚሠራው ወንድማችን ደወልኩ። «አዎ አኺ፣ ጸሐፊዋ ለኅትመት አሳምረው ብላኝ ነበር። በእጄ የነበረው የረመዷኑ ፋይል ነው። የሮቶው መስመር ተሰርዞብኝ እንደገና ጻፍኩት» አለኝ። «ብር የሚለውን አንተ ነህ የጨመርከው?» «እንዲታወቅ ብዬ ነው። ምነው፣ ችግር አለው?» እኔም ሳቅኩ፣ እሱም ሲገባው ደነገጠ። ተንኮል የለም፤ ሌባ የለም። አሮጌ ቅጂና አንድ ቃል ብቻ።

ግን የቃለ ጉባኤው ነገር ሌላ ጥያቄ አመጣብኝ። ለዋጋ የማምነው የመጀመሪያውን ፋይል ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ያጣራሁት ቁጥር ቀኑ ወዳላለፈ ወረቀት ይወስደኛል። የጸደቀው ግን የሁለተኛው አባት ነው። የሰኔ 14ቱን ፋይል ጉባኤው አይቶት አያውቅም። ትክክል መሆንና ፈቃድ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጋሼም ቁጥሩ ትክክል ነው ብለው ብቻ በ1,127,000 ሒሳብ ማውጣት ቢጀምሩ ልክ አይሆኑም ነበር። የሰው አማና ነውና ሰዉ በፈቀደው ነው የሚወጣው። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ ከሁለቱ አንዱን ጥሎ መሄድ ሳይሆን፣ አዲሱን ወደ ጉባኤ አቅርቦ የመጋቢቱ ውሳኔ ላይ ማሻሻያ ማድረግ ነው።

ከጁሙዓ በኋላ ይህንኑ በአንድ ገጽ ይዤ ቀረብኩ። ሦስት መስመሮች፣ ሦስት ምክንያቶች፣ ከሥራቸው ፕሮፎርማዎቹ። 94,000 በድምር ስህተት፣ 27,000 በቫት፣ 20,000 በዋጋ ጭማሪ፤ ተደምሮ 141,000፣ አንድም ብር ያልተገኘ የለም። ንባቡ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ማታ «ለማን ነበር የታሰበው» ብሎ የጻፈው ወንድማችን ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ተነሥቶ ጋሼ አጠገብ ሄደና «ጋሼ፣ ማታ የጻፍኩት ነገር አለ፤ አውፍ ይበሉኝ» አላቸው። እሳቸው ገና አላነበቡትም ነበር። «ምን ጻፍክ?» አሉት። ነገራቸው። ዝም ብለው ቆዩና «መጠየቅህ ጥሩ ነው፤ ግን መጀመሪያ እኔን ብትጠይቀኝ» አሉት። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ጉባኤው የሰኔውን በጀት አጸደቀ። የጎደለንን 124,000 ብር እንዴት እንደምናሟላም ተነጋገርን። ሴራሚኩ 92,000፣ ቀለሙ 40,000 ብር ነበር፤ ሁለቱ ለሁለተኛ ዙር እንዲቆዩ ተወሰነ። በእጃችን የቀረው ትርፍ 8,000 ብር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የመረጥኩት ፋይልም እንከን እንደነበረው መናገር አለብኝ። ሁለቱም ፋይሎች መጠባበቂያ የሚባል መስመር አልነበራቸውም። ለግንባታ ከድምሩ ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ ለዋጋ ለውጥ መያዝ የተለመደ ነው፤ እኛ ግን ዋጋ እንደቆመ ይቆያል ብለን ነበር የያዝነው። ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ የሰኔውም ፕሮፎርማ በተራው አረጀ። አልሐምዱሊላህ፣ ሲሚንቶና ፌሮውን ቀድመን ገዝተን ነበር። የዘገየው የበርና መስኮት ብረት ግን ከበጀቱ በላይ አስወጣን፤ 8,000ዋም እዚያው አለቀች። አንድን ፋይል ከሌላው ይልቅ ማመን ማለት እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ያሳያል ማለት ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግሩፑ ላይ በጀት የሚለጠፈው አንድ ፋይል ብቻ ሆኖ ነው። ስሙ ላይ «የመጨረሻ» ወይም «ኦኬ» አይጻፍም፤ የጸደቀበት ቀን ይጻፋል። ሰንጠረዡም አንድ ዓምድ ተጨምሮለታል፤ ከእያንዳንዱ ዋጋ አጠገብ የፕሮፎርማው ቀን። አሮጌው ፋይል አይጠፋም፤ ጸሐፊያችን «የተሻረ» ብላ ለብቻው ታስቀምጠዋለች። እሷ ከሠርጉ ስትመለስ የሆነውን ሰምታ «ሁለቱ ጎን ለጎን ስለነበሩ አብረው ተመርጠውብኝ ነው፣ ወላሂ አላየሁም» ብላ ነበር።

መድረሳው አሁን ስድስት ቧንቧ አለው፤ ሮቶውም ከላይ ቆሟል። ግድግዳው እስካሁን ሴራሚክ አልለበሰም። ልጆቹ ግን ውዱእ የሚያደርጉት በውኃ ነው፣ በሴራሚክ አይደለም።